ቬጋው ትንሽ የሆነው ኦፕሽን ለምን የበለጠ ከሰረ? የሳምንቱና የዓመቱ ነገር አልገባኝም

ናቲ_ቨርጂኒያ · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ሳስበው ውዬ ያልገባኝን ነገር ልጠይቅ። አንድ 100 ዶላር አካባቢ ያለ ስቶክ አለ፣ ኧርኒንግሱን ማታ ገበያ ከተዘጋ በኋላ ሊያወጣ ከሰዓት ላይ ሁለት ኮል ገዛሁ። የሁለቱም ስትራይክ 100 ነው። አንዱ 5 የገበያ ቀን የቀረው፣ ሌላው ድፍን አንድ ዓመት የቀረው። አጭሩን በ3.60 ረጅሙን በ14.80 ገዛሁ። ስክሪኑ ላይ የአጭሩ ቬጋ 0.06 ይላል፣ የረጅሙ 0.38።

እኔ የማውቀው ቬጋ ማለት ቮላቲሊቲ አንድ ነጥብ ሲወርድ ኦፕሽኑ ስንት እንደሚያጣ ነው። ከኧርኒንግስ በኋላ ቮላቲሊቲ እንደሚወድቅ ደግሞ ሁሉም ሰው ያወራል። ስለዚህ የፈራሁት ለረጅሙ ነበር፣ ቬጋው ስድስት እጥፍ ነውና። በነጋታው ስቶኩ 100 ላይ ከፈተ፣ ምንም አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። አጭሩ 1.60 ሆኖ ጠበቀኝ። ረጅሙ 14.40። ያ ትንሽ ቬጋ ያለው በኮንትራክት 200 ዶላር ሲያጣ ትልቁ 40 ብቻ አጣ። ስክሪኑ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ የተገላቢጦሽ ነው የገባኝ?

ቢኒ_ኦፕሽንስ · ማክሰኞ ማታ

ወንድም ይሄ ቬጋ አይደለም፣ ቴታ ነው። አጭር ኦፕሽን የሚሞተው በቴታ ነው፣ በተለይ የመጨረሻ ሳምንቱ ላይ እንደ በረዶ ነው የሚቀልጠው። ቬጋ የረጅም ኦፕሽን ጉዳይ ነው፣ የሳምንት ኦፕሽን ላይ ቬጋን ማየት ራሱ አያስፈልግም። እኔ ሳምንታዊ ስነግድ ያንን ኮለም ከስክሪኔ ላይ አጥፍቼዋለሁ።

ናቲ_ቨርጂኒያ · ማክሰኞ ማታ

ቢኒ እሱንም አይቼው ነበር እኮ። የአጭሩ ቴታ ስክሪኑ ላይ 0.38 ነበር የሚለው። አንድ ሌሊት ነው ያለፈው፣ እሺ 0.38 ቴታ ወሰደው እንበል፣ የቀረውን 1.60 ማን በላው?

ዳዊት_ዴንቨር · ማክሰኞ ማታ

እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ ነበረኝ። 100 ሼር ያለኝ አንድ 60 ዶላር የሚሸጥ ስቶክ ላይ የአንድ ዓመት ኮል ሸጬ ነበር፣ ከቤት ኪራይ ላይ ትንሽ ይደግፈኛል ብዬ። ስቶኩ ሦስት ሳምንት ከ60 ንቅንቅ አላለም፣ የሸጥኩት ኮል ግን ወደ 90 ዶላር ጨመረብኝ። ቀን እያለፈ እንዴት ዋጋው ይጨምራል? ልዝጋው ወይስ ልጠብቅ?

ጋሽ_ሚዛን · ማክሰኞ ሌሊት

ናቲ ስክሪንህም አልተሳሳተም፣ ስለ ቬጋ ያወቅከውም ትክክል ነው። የጎደለህ ግማሹ ነው። ቬጋ የሚነግርህ "አንድ ነጥብ ቢንቀሳቀስ" ብሎ ነው፣ ስንት ነጥብ እንደሚንቀሳቀስ ግን አይነግርህም። የአጭሩ ቮላቲሊቲና የረጅሙ ቮላቲሊቲ በአንድ ገመድ የታሰሩ ይመስልሃል፣ አይደሉም። ቺካጎ ኦፕሽን ዴስክ ላይ ሪስክ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት የቆየሁት በዚህ ነገር ላይ ስለሆነ በደንብ ልጻፍልህ።

በመጀመሪያ ቬጋው ለምን በስድስት እጥፍ እንደተለያየ። ስክሪንህ ላይ የምታየው ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲ ሁልጊዜ በዓመት የተሰላ ነው፣ የሳምንቱም ቢሆን። SPY 500 ላይ ነው እንበልና ቮላቲሊቲው 20 ይሁን። ይሄ ማለት ገበያው ለዓመት ያሰበው የተለመደ መወዛወዝ 20 ፐርሰንት፣ ማለትም 100 ዶላር ነው። 21 ሲሆን 105 ይሆናል፣ አንድ ነጥብ 5 ዶላር ጨመረ ማለት ነው። አሁን ለአንድ ቀን አስበው። የቀኑን ለማግኘት ለ252 አታካፍልም፣ ለ252 ስኩዌር ሩት ነው የምታካፍለው፣ ወደ 16 ገደማ። ለምን ብትል አንድ ቀን ይወጣል ሌላ ቀን ይወርዳል፣ ቀኖቹ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ፣ በቀጥታ የሚደመረው የመወዛወዙ ካሬ እንጂ መወዛወዙ ራሱ አይደለም። እና 20 ቮላቲሊቲ በቀን 6.30 ዶላር ነው፣ 21 ደግሞ 6.61። ያችው አንድ ነጥብ ለአንድ ቀን የምታመጣው ልዩነት 31 ሳንቲም ነው፣ ለዓመት ግን 5 ዶላር።

ስትራይኩ ዋጋው ላይ የሆነ ኦፕሽን ከዚያ መወዛወዝ ላይ 40 ፐርሰንት ያህሉን ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ወለድና ዲቪደንድን ትተን የአንድ ዓመቱ ቬጋ 2 ዶላር አካባቢ ነው፣ የ7 ቀኑ 28 ሳንቲም። በእጅ ለማስላት ይቺ ትበቃሃለች፦

```
vega ≈ 0.004 × S × √T
```

S የስቶኩ ዋጋ ነው፣ T የቀረው ጊዜ በዓመት። ያንተን ስቶክ አስገባ፣ 100 ዶላርና 5 የገበያ ቀን ከ252፣ 0.056 ይመጣል፣ ስክሪንህ 0.06 ብሎ ጠጋግቶታል። የዓመቱ 0.40 ይመጣል፣ ስክሪንህ 0.38 ያለው ወለዱን ስላስገባ ነው።

የኪሳራውን ነገ እመለስበታለሁ፣ ዓይኔ ደክሟል።

ሩት_ዘ_አትላንታ · ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለ16 የሚካፈለው ነገር እስከዛሬ ዝም ብዬ የሸመደድኩት ነበር። ግን አንድ ነገር። በዚህ ሂሳብ ከሆነ የ7 ቀኑ ኦፕሽን ዋጋው 5.50 ነው፣ የዓመቱ 40 ዶላር። 28 ሳንቲም ለ5.50 እና 2 ዶላር ለ40፣ ሁለቱም እኮ 5 ፐርሰንት ነው! ታዲያ ረጅም ኦፕሽን ለቮላቲሊቲ የበለጠ ስሱ ነው የሚባለው ምኑ ነው? ያው በብዙ ብር ስለተገዛ ብቻ አይደለም?

ጋሽ_ሚዛን · ረቡዕ ጠዋት

ሩትዬ በጣም ጥሩ አየሽ፣ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። አዎ፣ ስትራይኩ ዋጋው ላይ ሲሆን አንድ ነጥብ ለሁለቱም እኩል ፐርሰንት ነው። ቮላቲሊቲው ከ20 ወደ 21 ሲሄድ ራሱ 5 ፐርሰንት ጨመረ፣ ኦፕሽኑም 5 ፐርሰንት ጨመረ፣ አጭርም ሁን ረጅም። በኮንትራክት ስትቆጥሪ ነው ልዩነቱ የሚገዝፈው፣ በገባው ብር ስትቆጥሪ ይጠፋል። ስለዚህ "1000 ዶላር ላስገባ ነው፣ የቱ ይሻለኛል" ለሚል ሰው የቬጋው ቁጥር ብቻውን ምንም አይመልስለትም። ወሳኙ ነገር የየራሳቸው ቮላቲሊቲ ስንት ነጥብ ይሄዳል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ናቲ። ስቶክህ በተራ ቀን 2 ፐርሰንት የሚወዛወዝ ነው እንበል፣ በዓመት 32 ቮላቲሊቲ መሆኑ ነው። የኧርኒንግሱ ቀን ግን 8 ፐርሰንት ይጠበቃል። ካሬዎቹን እንደምር ብለናል። ለአጭሩ አራት ተራ ቀን እያንዳንዱ 4፣ አንድ ትልቅ ቀን 64፣ ድምሩ 80። ለ5 ቀን ሲካፈል 16፣ ስኩዌር ሩቱ 4፣ ስለዚህ ገበያው በአማካይ በቀን 4 ፐርሰንት ብሎ ዋጋ ሰጥቶታል፣ በዓመት 63 ተኩል ቮላቲሊቲ። ያ ትልቅ ቀን ካለፈ በኋላ የቀሩት ተራ ቀኖች ብቻ ናቸው፣ ቮላቲሊቲው ወደ 32 ተመለሰ። 32 ነጥብ ገደማ ወደቀ።

ለረጅሙ ያው ያ አንድ ቀን ነው ያለው፣ 64ቱ ግን ከ251 ተራ ቀን ጋር ነው የተደመረው። 251 ጊዜ 4፣ 1004፣ ሲደመር 64፣ 1068። ለ252 አካፍለህ ስኩዌር ሩቱን ስትወስድ በቀን 2.06፣ በዓመት 32.7። ከኧርኒንግስ በኋላ 31.75 አካባቢ። አንድ ነጥብ እንኳ አልሞላም የወደቀው።

በል አባዛ። አጭሩ 0.056 በ31.75፣ 1.78። ረጅሙ 0.38 በ0.93፣ 35 ሳንቲም። ስድስት እጥፍ ቬጋ ያለው፣ አምስት እጥፍ ያነሰ ከሰረ። ያንተን 200 እና 40 ዶላር የሚሠራው ይሄ ነው፣ የቀረችው የአንድ ሌሊት ቴታ ናት።

ናቲ_ቨርጂኒያ · ረቡዕ ከሰዓት

ጋሼ አሁን ነው ብርሃን የበራልኝ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ያችን አንድ ቀን በ5 ማካፈልና በ252 ማካፈል ነው ልዩነቱ። እኔ አንድ ቮላቲሊቲ ያለ መስሎኝ ነበር የስቶኩ፣ ለካ እያንዳንዱ ኤክስፓሬሽን የራሱ አለው። ኦፕሽን ቼይኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ሳየው ቁጥሩ ሁሉ የተለያየ ነው፣ ቁልቁል እየወረደ ይሄዳል።

ቢኒ_ኦፕሽንስ · ረቡዕ ከሰዓት

ይቅርታ ጋሽ ሚዛን፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። 1.78ቱን ቬጋ አሉት። ግን ምን ሆነ? የ8 ፐርሰንቱ ቀን ነበረ፣ ቀኑ አለፈ፣ የተከፈለበት ነገር አለቀ። ይሄ የጊዜ ማለፍ ነው፣ ማለትም ቴታ። ማንም ስለ ወደፊቱ ሃሳቡን የቀየረ የለም፣ ተራው ቀን ድሮም 2 ፐርሰንት ነበር ዛሬም 2 ፐርሰንት ነው። ቮላቲሊቲው "ወደቀ" የምንለው አማካዩ ስለተቀየረ ብቻ ነው።

ጋሽ_ሚዛን · ረቡዕ ማታ

ቢኒ ይሄ ጥሩ ክርክር ነው፣ የመጀመሪያ መልስህ ግን ይሄን አላለም። እውነትህን ነው፣ የኧርኒንግሱን ቀን ለብቻው ቆርጦ ለሚያይ ሰው የታወቀ ቀን አለፈ ነው የሚባለው። አንዳንድ ዴስኮች ሰዓቱን ራሱ ይለውጡታል፣ ያንን አንድ ቀን እንደ 16 ተራ ቀን ይቆጥሩታል፣ ምክንያቱም 64 ለ4 ሲካፈል 16 ነው። በዚያ ሰዓት ከሄድክ ቮላቲሊቲው አልተነካም፣ በአንድ ሌሊት 16 ቀን ቴታ ነው የተበላው። ስክሪናችን ላይ ያለው ግን እያንዳንዱን ቀን እኩል የሚቆጥር ሰዓት ነው፣ በሱ ስታየው ቬጋ ላይ ይወጣል። በየትኛው መዝገብ ይጻፍ የሚለው ላይ ሰው ይለያያል። ሳምንታዊ ላይ ቬጋ ማየት አያስፈልግም ያልከውን ግን አልቀበልህም፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም የሚባዛው በትልቅ ቁጥር ነው።

ዳዊት፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። ያንተ የኧርኒንግስ ነገር አይደለም። 60 ዶላር ላይ ያለ ስቶክ የዓመት ኮል ቬጋው 24 ሳንቲም ነው። የረጅሙ ቮላቲሊቲ አራት ነጥብ ቢጨምር፣ ለምሳሌ ከ30 ወደ 34፣ 96 ሳንቲም፣ በኮንትራክት 96 ዶላር። በሦስት ሳምንት ቴታ የሚመልስልህ ከዚያ ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም የዓመት ኦፕሽን በቀን የሚያጣው በጣም ትንሽ ነው። ቼይኑ ላይ ያኔ የሸጥክበትን ቮላቲሊቲና የዛሬውን አስተያይ፣ ጨምሮ ታገኘዋለህ ብዬ እገምታለሁ። መዝጋትህንና መጠበቅህን እኔ ልነግርህ አልችልም፣ ሼሩን በዚያ ዋጋ ለመስጠት ፈቃደኛ ነበርክ ወይ የሚለው ያንተ ነው። ብቻ ለኪራይ ድጎማ ቴታ ፈልገህ ከሆነ የሸጥከው፣ የሸጥከው በአብዛኛው ቬጋ ነው።

ዳዊት_ዴንቨር · ረቡዕ ማታ

አይቼው መጣሁ፣ ስሸጠው 29 ነበር አሁን 33 ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሩት_ዘ_አትላንታ · ሐሙስ ጠዋት

እንግዲህ ነገሩ ከተነሳ የኔንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብሮከሩን ደውዬ ያስቸገርኩበት ጉዳይ ነው። SPY ላይ ካሌንደር ስፕሬድ ነበረኝ፣ የ500 ኮል የ7 ቀኑን ሸጬ የ90 ቀኑን ገዛሁ። የፖዚሽኑ ቬጋ ፕላስ 0.71 ይላል፣ ማለት ቮላቲሊቲ ሲጨምር አተርፋለሁ። ያሰብኩትም እሱን ነበር፣ ገበያው ሊደነግጥ ነው ብዬ። እንዳሰብኩትም ደነገጠ! SPY ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ሲወጣ ውሎ መዝጊያ ላይ እዚያው 500 ጎን መጣ፣ የአጭሩ ቮላቲሊቲ ከ15 ወደ 25 ሄደ፣ የ90 ቀኑ ከ17 ወደ 19። እኔ ግን ወደ 80 ዶላር ከሰርኩ። በስልክ የመለሰችልኝ ልጅ ስክሪኑ ትክክል ነው አለችኝ፣ አሁን ሳስበው ትክክል ነበር፣ ግን ምን እንደሚል አልገባኝም ነበር።

ጋሽ_ሚዛን · ሐሙስ ጠዋት

የ7 ቀኑ 0.28፣ የ90 ቀኑ 0.99፣ ስክሪኑ ቀነሰና 0.71 አለሽ። አጭሩ 10 ነጥብ ሄደ፣ 0.28 በ10፣ 2.80 አጣሽ። ረጅሙ 2 ነጥብ ሄደ፣ 1.98 አገኘሽ። ልዩነቱ 82 ሳንቲም፣ በኮንትራክት 82 ዶላር። ስክሪኑ ሁለቱን ቬጋ ሲደምር "ሁለቱም እኩል ነጥብ ይንቀሳቀሳሉ" ብሎ ነው የሚደምረው፣ በኤክስፓሬሽኖች መካከል እንዲህ ዓይነት ቀን ደግሞ እምብዛም አይመጣም። የጤፍ ኩንታልና የቡና ኪሎ እንደመደመር ነው፣ ድምሩ ይወጣል፣ ግን የምን ድምር ነው?

ዴስክ ላይ የምናደርገው ሁሉንም ወደ አንድ የጊዜ ርዝመት ማምጣት ነው፣ ብዙ ጊዜ ወደ 30 ቀን። የ7 ቀኑን ቬጋ በ√(30/7) ታበዢዋለሽ፣ በ2.07 ማለት ነው፣ 0.58 ይሆናል። የ90ውን በ√(30/90)፣ በ0.58፣ 0.57። ተመልከቺ፣ ልዩነቱ ዜሮ ማለት ይቻላል! ስክሪኑ ቮላቲሊቲ ገዝተሻል ሲልሽ፣ እንዲህ ሲታይ ምንም አልገዛሽም። የዚያን ቀን አጭሩ ከዚህ ሚዛንም በላይ ስለሮጠ ነው ከዜሮ በታች የወረድሽው።

ያ ሚዛን ከየት መጣ ብትዪ፣ ድንጋጤ ሲመጣ ገበያው የሚፈራው የቀጣዮቹን ቀናት ነው፣ እያደር ይረጋጋል ብሎ ያስባል። ሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ድንጋጤው ውስጥ ነው፣ ዓመቱ ውስጥ ግን ብዙ የተረጋጋ ወር ስላለ አማካዩ እምብዛም አይነቃነቅም። የናቲ 64 ያለችበት ታሪክ ነው፣ ልክ ያልታወቀ ቀን ላይ ሲመጣ።

ሰላም_ለንደን · ሐሙስ ከሰዓት

ጋሽ ሚዛን በሚሉት ሁሉ እስማማለሁ፣ ግን √ውን ሰው እንደ ሕግ እንዳይዘው ብዬ ነው። እኔ ፈንድ ውስጥ ሪስክ ሪፖርት ነው የምሠራው፣ ይሄንኑ ክብደት እንጠቀማለን፣ የሚያሳስተንም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 2024ን አስታውሱ፣ VIX ቀኑ ውስጥ 65 አልፎ 38.57 ላይ ዘጋ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ20 በታች ተመለሰ። VIX የ30 ቀን ቮላቲሊቲ ነው። እንዲህ ዓይነት ድንጋጤ የፊተኛውን ነው የሚያንረው፣ ረጅሙን እምብዛም አይደርስበትም። መጋቢት 2020 ላይ ግን VIX በ16ኛው ቀን 82.69 ዘጋ፣ ያኔ ማንም መቼ እንደሚያልቅ ስላላወቀ ረጅሞቹም አብረው ነው የወጡት። የዓመት ኦፕሽን ሸጦ "ረጅሙ አይንቀሳቀስም" ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ቬጋው ሲባዛበት ያኔ ነው ያየው።

ጋሽ_ሚዛን · ሐሙስ ማታ

ሰላም ትክክል ነሽ፣ ልክ ነው። √ው መነሻ ነው። ድንጋጤው ስንት ጊዜ ይቆያል ተብሎ ታሰበ የሚለው ነው ክብደቱን የሚወስነው፣ እሱ ደግሞ ከድንጋጤ ድንጋጤ ይለያያል። እኛ የነበርንበት ቦታ ካለፈው አንድ ዓመት ዳታ ላይ ነበር የምንለካው፣ አዲስ ዓይነት ነገር ሲመጣ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ሁልጊዜ ስተን ነው የምንጀምረው።

ሰላም_ለንደን · ሐሙስ ማታ

እኛ ሁለቱን ለየብቻ ነው የምናወጣው፣ አንዱን በ√ አንዱን ሁሉም እኩል ነጥብ ቢሄዱ ብለን። ሁለቱ ሲራራቁ ያ ፖዚሽን በኤክስፓሬሽኖች መካከል ውርርድ ነው ማለት ነው፣ ሰውዬው ያን ማሰቡን እንጠይቀዋለን።

ናቲ_ቨርጂኒያ · ሐሙስ ማታ

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የስቶኩ ዋጋ ከስትራይኩ ቢርቅስ? ሁሉም ምሳሌ ስትራይኩ ላይ ነው። የሩት SPY 500 ላይ ተመልሶ ባይዘጋ ኖሮ?

ጋሽ_ሚዛን · አርብ ጠዋት

እዚህ ጋ ደግሞ ሌላኛው ልዩነት አለ፣ ለኔ ዋናው እሱ ነው። የአጭሩ ቬጋ ትንሽ ብቻ ሳይሆን ጠባብ ነው። 20 ቮላቲሊቲ ባለው ገበያ የ7 ቀን መወዛወዝ 2.8 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ስትራይኩ 5 ፐርሰንት ከራቀ ያ ወደ ሁለት መወዛወዝ የቀረበ እርቀት ነው፣ ቬጋው ስትራይኩ ላይ ከነበረው ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ለአንድ ዓመቱ ኦፕሽን ያው 5 ፐርሰንት የአንድ መወዛወዝ ሩብ ናት፣ ቬጋው ምንም ያህል አይነካም። ረጅሙ ሰፊ ጉብታ ነው፣ አጭሩ ሹል ጫፍ።

ስለዚህ ሩት፣ SPY 485 ላይ ቢዘጋ ኖሮ የሸጥሽው የ7 ቀን ኮል ቬጋው ይሟሽሽ ነበር፣ የ90 ቀኑ ግን አብዛኛው ቬጋው ይቀረው ነበር። ያኔ የቮላቲሊቲው መጨመር በጥቂቱም ቢሆን ይጠቅምሽ ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ዋጋው ራሱ ከስትራይክሽ በመራቁ ነው፣ ካሌንደር ደግሞ እርቀት አይወድም። ያቺ 0.71 ጠዋት እውነት ብትሆንም ከሰዓት ሌላ ቁጥር ናት። ስክሪኑ ላይ ዋጋውን 3 ፐርሰንት ወደ ታችና ወደ ላይ አድርጎ ቬጋውን እንደገና የሚያሳይ ነገር ካለ ከመግባትሽ በፊት እሱን ክፈቺው።

ቢኒ_ኦፕሽንስ · አርብ ከሰዓት

ይሄ የ"ሹል" ነገር የኔን የሳምንት ፑቶች ነገር አስረዳኝ። ሩቅ ስትራይክ ስገዛ ቬጋው 0.02 ምናምን ነው የሚለው፣ VIX ሲዘል ግን ዋጋው ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ቬጋውን በነጥቡ ሳባዛው በጭራሽ አይደርስም። ለዚህ ነበር ኮለሙን ያጠፋሁት፣ ውሸት ነው ብዬ።

ጋሽ_ሚዛን · አርብ ከሰዓት

እሱ እንግዲህ የሚሆነው ቮላቲሊቲው ሲጨምር ጉብታው ራሱ ስለሚሰፋ ነው። ሩቅ የነበረው ስትራይክ "ቅርብ" ይሆናል፣ ቬጋው በመንገድ ላይ ያድጋል። በ20 ቮላቲሊቲ ሁለት መወዛወዝ የራቀ ፑት፣ 40 ሲሆን አንድ መወዛወዝ ብቻ ነው የሚርቀው። በመነሻው ቬጋ ማባዛት ለትንሽ እንቅስቃሴ እንጂ ለእንዲህ ዓይነት ዝላይ አይሠራም። ለናቲ የሠራው ስትራይኩ ዋጋው ላይ ስለነበር ነው፣ እዚያ ጋ ቬጋው በቮላቲሊቲ ብዙም አይለወጥም። አንተ ሙሉውን ኦፕሽን በአዲሱ ቮላቲሊቲ እንደገና ማስላት አለብህ። ዋጋው አብሮ ስለሚወርድ ደግሞ ከሦስት አራት እጥፉ ስንቱ የቮላቲሊቲ ስንቱ የዋጋው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል፣ ከየትኛው ብትጀምር መልሱ ይለያያል።

ቢኒ_ኦፕሽንስ · አርብ ከሰዓት

ኮለሙን መልሼዋለሁ። ስለ ቴታው ግን አሁንም አልተረታሁም።

ናቲ_ቨርጂኒያ · ቅዳሜ ጠዋት

ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ በሚቀጥለው ሳምንት ኧርኒንግስ የሚያወጣ ሌላ ስቶክ ላይ ወደ ኋላ ሠራሁት። ከአጭሩ ቮላቲሊቲ ተነስቼ የተራውን ቀን ካሬ ስቀንስ ገበያው ለኧርኒንግሱ ቀን የሚጠብቀው 6 ፐርሰንት ገደማ ወጣልኝ። ከዚያ የ30 ቀኑን ሳሰላ ከስክሪኑ ጋር ገጠመ። የ60 ቀኑን ግን ስክሪኑ ላይ ካሰላሁት ሁለት ነጥብ ከፍ ብሎ ነው ያገኘሁት፣ የማላውቀው ሌላ ቀን እዚያ ውስጥ ያለ ይመስላል። ወይ ተሳስቻለሁ።

ሰላም_ለንደን · ቅዳሜ ጠዋት

በ30ና በ60 መካከል ኩባንያው ያሳወቀው ነገር ካለ ፈልግ፣ የመድኃኒት ፈቃድ ውሳኔ፣ የፍርድ ቀን፣ የኢንቨስተሮች ቀን ዓይነት። የ60 ቀኑን ድምር ካሬ አውጣና የ30ውን ቀንስለት፣ የቀረው ለ30 ተራ ቀን ከሚበቃው በላይ ከሆነ ትርፉ የዚያ ቀን ነው። ከማመንህ በፊት ግን ቢድና አስኩን እይ፣ የ60 ቀኑ ሰፊ ከሆነ ሁለት ነጥብ እዚያው ውስጥ ይጠፋል።

ናቲ_ቨርጂኒያ · ቅዳሜ ከሰዓት

ስፕሬዱ 40 ሳንቲም ነው፣ ቬጋው ደግሞ 0.16። ሁለት ነጥብ ተኩል ማለት ነው፣ ሁለቱ ነጥብ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ገበያ ሲከፈት ጠበብ ሲል እንደገና አየዋለሁ።